ምስሉ ድምፁን ይጠብቅ፦ ስለ ብሉቱዝ ማዳመጫ ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

«በብሉቱዝ ማዳመጫ ፊልም ስታዩ ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ካላችሁ፣ ማዳመጫው ርካሽ ወይም አሮጌ ነው ማለት ነው። ብሉቱዝ 5.3 ግዙና ተገላገሉ። ስልኩንም አታርቁት፤ በራቀ ቁጥር ድምፁ ይዘገያል። `Developer options` ውስጥ ገብታችሁ LDAC ብትመርጡ ይፈጥናል። ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ `Audio delay` የሚለውን ከፍ አድርጉት። ፊልሙ በረዘመ ቁጥር ክፍተቱ እየሰፋ ስለሚሄድ በየመሀሉ ማዳመጫውን አጥፍታችሁ አብሩት። ከዚህ ውጪ መፍትሔ የለውም።»

ይህን ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስተኛው የእህቴ ባል ነው። እሱ ምክሩን በእማዬ ቴሌቪዥን ላይ ሞክሮት ነበር። ማታ ስደውልላት «ልጄ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው የሚያወሩት» አለችኝ። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት ያኔ ነው።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ችግሩንም በደንብ ገልጸውታል። አንዳንዱ ምክራቸው የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ እሱንም ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። የችግሩን መነሻ ግን ስተውታል። በዚህ የተነሳ አንባቢው ያለ ጥቅም ብር ያወጣል፣ አንዳንዴም ነገሩን ያባብሰዋል። ከቀላሉ ልጀምር።

ስለ ርቀት

ብሉቱዝ የሚሄደው በሬዲዮ ሞገድ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሳሎን እስከ ኩሽና ያለውን 10 ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይፈጅበትም። ስልኩን ከሌላ ክፍል አምጥታችሁ ጭናችሁ ላይ ብታስቀምጡት የምታተርፉት ጊዜ ማንም ሰው የሚያስተውለው አይደለም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያዩት ነገር ግን አለ። ርቀትና ግድግዳ ምልክቱን ያዳክሙታል። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሆን የራሳችን ገላም ያዳክመዋል። ሲዳከም ድምፁ ይቆራረጣል። መቆራረጥና መዘግየት ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ዝምድና አላቸው፤ ዝምድናቸው ምን እንደሆነ ከሚቀጥለው ነጥብ ጋር ይመጣል።

ስለ ዋጋና ስለ ብሉቱዝ ቁጥር

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ድምፁ ከስልካችሁ ወጥቶ ጆሯችሁ እስኪደርስ ድረስ የት የት ይቆያል? መጀመሪያ ስልኩ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ እየከፈለ ያምቀዋል። ማንኛውም ብሉቱዝ ማዳመጫ የግድ ሊያውቀው የሚገባው የማመቂያ ስልት SBC ይባላል። በሱ አንድ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ድምፅ ይይዛል። ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ስልኩ የተወሰኑ ቁራጮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል። መጠቅለሉ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበላል፤ ማዳመጫው ፈትቶ ወደ ድምፅ ሲቀይረውም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ከንፈርና ድምፅ የሚያጣላ አይደለም። ትልቁ መዘግየት ያለው ማዳመጫው ውስጥ ባለው ማጠራቀሚያ ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቧንቧው ሲሄድ ቤቱ እንዳይደርቅ ሮቶ ይተከላል። ብሉቱዝም እንደ ቧንቧው ነው፤ አመጣጡ አይታመንም። የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ የብቻው አይደለም። የእናንተ ዋይፋይ፣ የጎረቤት ዋይፋይ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር እዚያው ላይ ናቸው። ብሉቱዝ ከእነሱ ለመሸሽ በ79 መስመሮች መካከል በሰከንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ጥቅል ተጋጭቶ ይጠፋል፣ እንደገናም ይላካል። ማዳመጫው የደረሰውን ድምፅ ወዲያው ቢያጫውት ኖሮ በየሰከንዱ ይቆራረጥ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያጠራቅማል። ሮቶው በቂ ድምፅ ሲይዝ ማጫወት ይጀምራል። አንድ ጥቅል ቢዘገይ ካጠራቀመው እየሰጠ ያልፈዋል።

ዋጋው ደግሞ ይኸው ነው። አሁን ወደ ሮቶው የገባች ጠብታ የምትወጣው ከፊቷ ያለው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሁሉም ሲደመር በተለመዱት ማዳመጫዎች ላይ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የመቆራረጥና የመዘግየት ዝምድናም ይህ ነው። ሮቶውን ብታሳንሱት መዘግየቱ ይቀንሳል፣ መቆራረጡ ይጨምራል። ብዙ ርካሽ ማዳመጫዎች ላይ ያለው የጌም ሞድ የሚያደርገው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ሮቶውን ነቅሎ ጀሪካን ያስቀምጣል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሞገድ ካልበዛ ደህና ይሠራል። ዋይፋይ በሞላበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ድምፁ መንተባተብ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ክርክር ልመለስ። ጥፋቱ የማዳመጫው ርካሽነት ቢሆን ኖሮ ያ ማዳመጫ በሁሉም ነገር ላይ መዘግየት ነበረበት። ይህን በራሳችሁ ማዳመጫ አረጋግጡ። ያንኑ ርካሽ ኤርፖድ አድርጋችሁ ዩቲዩብ ላይ ቃለ መጠይቅ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ ከንፈርና ድምፅ ይገጥማል። ከዚያ ሳታወልቁ ጌም ክፈቱ። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ማዳመጫው ያው፣ ስልኩ ያው፣ ሰዓቱ ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው አጫዋቹ ነው። ማዳመጫው ከስልኩ ጋር ሲገናኝ «ድምፅ እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ ይህን ያህል ይቆያል» ብሎ የሚያሳውቅበት መንገድ ብሉቱዝ ውስጥ አለ። ስልኩም መዘግየቱን ለአጫዋቹ ይነግረዋል። ቪዲዮ አጫዋቹ ይህን ሲያውቅ ምስሉን ያንኑ ያህል ያዘገየዋል። ድምፁ አልፈጠነም፤ ምስሉ ቆሞ ጠበቀው። ጌም ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ጣታችሁ የሚነካውን ቀድሞ አያውቅም፤ ምስሉን ቢያዘገየው ደግሞ ጨዋታው ራሱ ይንቀራፈፋል።

የውድ ማዳመጫ ብልጫም በአመዛኙ እዚሁ ላይ ነው፤ ጸሐፊውን በከፊል የምስማማበትም ቦታ ይህ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ማዳመጫ መዘግየቱን በትክክል ያሳውቃል። ስልኩና ማዳመጫው የአንድ አምራች ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይግባባሉ። ርካሹ አንዳንዴ አያሳውቅም፣ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ያን ጊዜ አጫዋቹ በግምት ይሄዳል። ስለዚህ ውድ ማዳመጫ ገዝቶ ፊልሙ የተስተካከለለት ሰው አልተሳሳተም። ያው ሰው ጌም ሲከፍት ግን መዘግየቱን መልሶ ያገኘዋል።

5.3 የሚለው ቁጥርስ? ይህ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሉቱዝ 5.0 ሲወጣ የተወራለት ፍጥነት ኃይል ቆጣቢ ለሆነው የብሉቱዝ ክፍል ነበር። ሙዚቃና ፊልም የምንሰማበት መንገድ ደግሞ የቆየው ክላሲክ ብሉቱዝ ነው። ካርቶኑ ላይ 5.3 ቢጻፍም ድምፁ በዚያው በድሮው መንገድ ሊመጣ ይችላል። እውነተኛው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ5.2 ጋር የመጣው `LE Audio` ነው። እሱ መዘግየትን መቀነስ ይችላል። የሚሠራው ግን ስልኩም ማዳመጫውም ሲደግፉት ብቻ ነው። ስትገዙ ቁጥሩን ትታችሁ ይህን ስም ፈልጉ። ስልካችሁ ከሌለው ደግሞ ለማዳመጫው ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ስለ LDAC

ምክሩ አንድሮይድ ላይ `Developer options` ገብታችሁ `Bluetooth Audio Codec` በሚለው ሥር LDAC ምረጡ ይላል። ቦታው ትክክል ነው። `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩ ይህ ዝርዝር ይከፈታል። ዓላማው ግን ሌላ ነው። LDAC እንደ SBC ያለ የማመቂያ ስልት ነው፤ የተሠራው ግን ለድምፅ ጥራት ነው። SBC በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ በሰከንድ ወደ 328 ኪሎቢት ሲልክ LDAC እስከ 990 ይልካል። በዚያው በተጨናነቀ ሞገድ ላይ ሦስት እጥፍ ጭነት ማለት ነው። ጭነቱ ሲበዛ መጥፋቱም ይበዛል፤ ስለዚህ ማዳመጫው ሮቶውን ማሳነስ አይመቸውም። በተግባር LDAC ከSBC ሲብስ እንጂ ሲፈጥን አላየሁም። ሙዚቃ ለመስማት ከሆነ ምርጫው ጥሩ ነው። ከንፈርና ድምፅ ለማስታረቅ ግን አይረዳም።

ለመዘግየት ተብሎ የተሠራ ሌላ ስልት አለ፤ aptX Low Latency ይባላል። መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ ያወርደዋል። አይፎን ላይ የለም፤ አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይም አታገኙትም። ወደ ቴሌቪዥን ስንሄድ ግን እንፈልገዋለን።

«ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል»

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቋሚ መዘግየት ነው። ፊልሙ ሲጀምር 200 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ሲያልቅም በግምት 200 ነው። ሁለተኛው እያደገ የሚሄድ ክፍተት ነው። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ ይርቃል። ብሉቱዝ የሚያመጣው በአመዛኙ የመጀመሪያውን ነው።

የስልኩና የማዳመጫው ሰዓት ፍጹም አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልዩነታቸው ግን ኢምንት ነው፤ ማዳመጫውም ሮቶው ሲሞላና ሲጎድል እያየ የማጫወቻ ፍጥነቱን በጥቂቱ ያስተካክላል። ስለዚህ ሰከንዶች የሚያህል ክፍተት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፋይሉ ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 24 ምስል ሆኖ የተዘጋጀ ድምፅ፣ በ23.976 ከሚሄድ ምስል ጋር ሲጣመር ልዩነቱ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን 3.6 ሰከንድ ይሆናል። ሌላው ምክንያት የደከመ ላፕቶፕ ነው። ከባድ ቪዲዮ መፍታት ሲያቅተው ምስሉ እየተንቀራፈፈ ወደ ኋላ ይቀራል።

እንዴት ትለያላችሁ? ብሉቱዙን አጥፍታችሁ በላፕቶፑ ስፒከር ወይም ባለ ገመድ ኢርፎን ያንኑ ቦታ እዩት። ክፍተቱ ካለ ማዳመጫውን ተዉት። ሌላም ምልክት አለ። ብሉቱዝ ድምፅን ያዘገያል እንጂ አያስቀድምም። ድምፁ ከከንፈሩ ቀድሞ ከመጣ መነሻው ሌላ ቦታ ነው፤ ፋይሉ ነው፣ ወይም ምስሉ ተንቀራፍፏል፣ ወይም አጫዋቹ ምስሉን ከሚገባው በላይ አዘግይቶታል።

ጸሐፊው ማዳመጫውን አጥፍቶ ማብራት ይረዳል ያሉት ግን አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንድ ማዳመጫዎች ምልክቱ ሲረበሽባቸው ማጠራቀሚያቸውን ያሳድጉና ረብሻው ካለፈ በኋላም አይመልሱትም። እንደገና ሲገናኙ ወደ መጀመሪያው መጠን ይመለሳል፣ ስለ መዘግየታቸውም አዲስ ቁጥር ያሳውቃሉ። ይህን ያደረገ ሰው የመጨረሻውን ጭማሪ ያስወግዳል። ከሥሩ ያለው 200 ሚሊሰከንድ ግን እዚያው ይቆያል።

ስለ ቴሌቪዥኑ

ያስቆጣኝ ይህ ምክር ነው፤ ችግሩን በቀጥታ የሚያባብስ ስለሆነ።

የእማዬ ቤት አደራረግ እንዲህ ነው። ከዲሹ ሪሲቨር ምስልና ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይገባሉ። ቴሌቪዥኑ ኋላ ላይ የኢርፎን ቀዳዳ አለ። እዚያ ላይ ትንሽ የብሉቱዝ አስተላላፊ ተሰክቷል። የሸጠላት ሱቅ «ምንም አይዘገይም» ብሏት ነበር። ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማዳመጫ አድርጋ ድራማዋን ታያለች። ቴሌቪዥኑ ቀዳዳው ላይ ብሉቱዝ እንደተሰካ አያውቅም። ተራ ገመድ ያለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ምስሉን ወዲያው ያሳያል፤ ድምፁ በማዳመጫው ሮቶ በኩል ዞሮ ይመጣል።

አሁን `Audio delay` የሚለውን አስቡት። ስሙ እንደሚለው ድምፅን ያዘገያል። የተሠራው ለተቃራኒው ችግር ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያስውብ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በገመድ የተያያዘ ትልቅ ስፒከር ላይ ድምፁ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ድምፁን ትንሽ መያዝ ያስፈልጋል። የእማዬ ድምፅ ግን ቀድሞውኑ የዘገየ ነው። የእህቴ ባል በምክሩ መሠረት ወደ 150 ከፍ አደረገው። 200 የነበረው ወደ 350 ሚሊሰከንድ ሄደ። «አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ያወራሉ» ያለችው ለዚህ ነው።

350 ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ከእውነተኛው ዓለም ጋር እናነጻጽረው። በአየር ላይ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 350 ሚሊሰከንድ ማለት ከ120 ሜትር ርቀት ላይ የሚያወራ ሰው እንደማየት ነው። አእምሯችን ድምፅ ትንሽ ሲዘገይ ይታገሳል፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ለምዶታል። ሲቀድም ግን ቶሎ ይነቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ሰው ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፅ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም ወደ 125 ሲዘገይ ነው ይላል። ከ185 በላይ መዘግየት ተቀባይነት የለውም። እማዬ ከወሰኑ አልፋ እጥፍ ልትደርስ ምንም አልቀራትም ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ `Audio delay` ወደ 0 ይመለስ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ የራሱ ብሉቱዝ ካለው አስተላላፊውን ነቅሎ ማዳመጫውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ብሉቱዝ መሆኑን ያውቃል። አንዳንዶቹ `A/V sync` የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱ ምስሉን ያዘገያል። የእማዬ ቴሌቪዥን ብሉቱዝ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ aptX Low Latency ያለው አስተላላፊ መግዛት ነው። 40 ሚሊሰከንድ ሰው ከሚያስተውለው በታች ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማዳመጫውም ይህንኑ መደገፍ አለበት። አንዱ ብቻ ካለው ሁለቱ ምንም ሳይናገሩ ወደ SBC ይወርዳሉ። ሰውየው ብሩን ከፍሎ ያንኑ መዘግየት ይዞ ይቀመጣል። ለእማዬ ሁለቱንም መግዛት አልፈለግኩም። ባለ 5 ሜትር የኢርፎን ማራዘሚያ ገመድ ገዝቼ በግድግዳው ጥግ፣ ከምንጣፉ ሥር አሳልፌ ሶፋዋ ድረስ አመጣሁት። የገመድ መዘግየት ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ስደውልላት ስለ ድምፁ ምንም አላነሳችም፤ ስለ ድራማው ብቻ ነው የነገረችኝ።

በፍላሽ ፊልም ቴሌቪዥን ላይ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ማዘግየት ካልቻለ ፋይሉን ራሱን አስቀድማችሁ ማዘግየት ትችላላችሁ። ffmpeg የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ይህ ትእዛዝ ምስሉን በ0.2 ሰከንድ ያዘገየዋል።

```
ffmpeg -itsoffset 0.2 -i film.mp4 -i film.mp4 -map 0:v -map 1:a -c copy film2.mkv
```

አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ከመጀመሪያው የዘገየው ምስል፣ ከሁለተኛው ያልተነካው ድምፅ ይወሰዳል። ጥራቱ አይነካም፤ የሚፈጀውም ፋይሉን ኮፒ ለማድረግ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ነው። ይህ ኮፒ ለብሉቱዝ ማዳመጫው ብቻ ነው። በቴሌቪዥኑ ስፒከር ብታዩት ድምፁ ይቀድማል።

«ከዚህ ውጪ መፍትሔ የለውም»

በዚህ በፍጹም አልስማማም። ፊልም ላፕቶፕ ላይ ለሚያይ ሰው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መፍትሔ አለ። በራሴ ማዳመጫ እንዴት እንዳደረግኩት ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስልኬን ከፊቴ አቁሜ በሰከንድ 60 ምስል በሚያነሳው አቀራረጽ በማንኪያ ሲኒ ስመታ ቀረጽኩ። ሲኒ የመረጥኩት ድምፁ ሹል ስለሆነ ነው፤ መቼ እንደጀመረ አያሻማም። ቪዲዮውን ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩና VLC በተባለው የቪዲዮ አጫዋች ከፈትኩት። ከዚያ ስልኩን ወደ ላፕቶፑ ስክሪን አዙሬ፣ በዚያው በ60 ምስል፣ ስክሪኑን ቀረጽኩ። አንድ ጊዜ በላፕቶፑ ስፒከር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ጆሮ ማዳመጫ የስልኩ ማይክ ላይ አስጠግቼ።

ሁለቱን ቅጂዎች የድምፁን ሞገድ በሚያሳይ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ከፈትኳቸው። ማንኪያው ሲኒውን ከነካበት ምስል ጀምሬ ሞገዱ እስከተነሳበት ድረስ ያሉትን ምስሎች ቆጠርኩ። በስፒከር 1 ምስል። በብሉቱዝ 13 ምስል። ልዩነቱ 12 ነው። እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 12 ሲባዛ 200 ይሆናል። ይህ VLC ራሱ ካስተካከለው በኋላ የተረፈው መዘግየት ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

VLC ላይ `J` ስትጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ወደ ፊት ይመጣል፤ `K` ደግሞ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ማክ ላይ ቁልፎቹ ሌላ ስለሆኑ ማስተካከያውን ከሜኑው ውስጥ ብትፈልጉት ይሻላል። እኔ `J` አራት ጊዜ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ `-200 ms` የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ቀርጬ ስቆጥር ልዩነቱ 1 ምስል ብቻ ሆነ። VLC ያልደረሰ ድምፅ ከየትም አላመጣም። ፋይሉ በእጁ ስለሆነ ድምፁን ቀድሞ ይልከዋል፣ ምስሉን ያቆየዋል።

ይህ ሁሉ ቆጠራ የሚያደክማችሁ ከሆነ በጆሮም ይቻላል። የሲኒውን ቪዲዮ ደጋግማችሁ እያጫወታችሁ `J` ተጫኑ። ገጠመ ያላችሁበትን ቁጥር ያዙ። ቀጥሉና ድምፁ በግልጽ ቀድሞ እስኪሰማ ሂዱ። ከዚያ በ`K` ተመለሱና በግልጽ ዘግይቶ የሚሰማበትን ፈልጉ። የሁለቱ ጫፎች መሀል ለትክክለኛው ቁጥር ቅርብ ነው። አእምሯችን ድምፅ ሲዘገይ ይታገሳል ብዬ ስላልኩ መጀመሪያ «ገጠመ» በምትሉበት ቦታ ላይ አትቁሙ፤ እዚያ ላይ ድምፁ ገና ትንሽ እንደዘገየ ነው። የስልኩ VLC ውስጥም ይኸው ማስተካከያ `Audio delay` በሚል ስም አለ። ከእማዬ ቴሌቪዥን በተለየ ይህኛው ከዜሮ በታችም ይወርዳል፤ የሚጠቅመንም በዚያ በኩል ነው።

መፍትሔ የማይገኝላቸው ነገሮች እንዳሉ ግን ለጸሐፊው እመሰክራለሁ። በቪዲዮ ጥሪ ላይ የሰውየውን ምስል ብታዘገዩት ንግግሩ ራሱ ይዘገይና እርስ በርስ ትሻማላችሁ። ጌምን ከላይ አይተነዋል። ፒያኖ ወይም ክራር በስልክ አፕ የሚለማመድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የነካው ቁልፍ ድምፅ ከ200 ሚሊሰከንድ በኋላ ከመጣለት ምት መጠበቅ አይችልም። ለእነዚህ ባለ ገመድ ኢርፎን አሁንም የሚተካው የለም፤ ጌም ላይ ብቻ የጌም ሞድ በከፊል ይረዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። VLC ላይ ያስተካከላችሁት ቁጥር ለዚያ ማዳመጫ ብቻ ነው። ማዳመጫውን አውልቃችሁ ፊልሙን ለቤተሰቡ በስፒከር ስትከፍቱ `K` አራት ጊዜ ተጭናችሁ ወደ 0 መልሱት። አለበለዚያ ድምፁ 200 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፤ ይህ ደግሞ መጀመሪያ ከነበረው መዘግየት ይልቅ ጆሮን ይረብሻል።